ምርመራው «አለብህ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ለጋብቻ የሚዘጋጁ ሁለት ወጣቶች ከሠርጋቸው በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው ወረቀቱን እንዲያቀርቡ መጠየቅ በአገራችን የተለመደ ሆኗል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይጠይቃሉ፤ የሙሽራዋ ወላጆችም ይጠይቃሉ። እንግዲህ እንዲህ እናስብ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ ራሳቸውን የሚጠራጠሩበትም ምክንያት የለም። ከሙሽራው ጣት አንዲት የደም ጠብታ ተወስዳ በትንሹ የመመርመሪያ መሣሪያ ላይ ትደረጋለች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አንድ መስመር ይመጣ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። ሁለት መስመር ማለት ፖዘቲቭ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 99ኙን እንደሚያገኝ ተመስክሮለታል። ታዲያ ይህ ወጣት ቫይረሱ በእርግጥ በደሙ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ምን ያህል ነው?

ጥያቄውን ለጓደኞቻችሁ አቅርቡት። አብዛኞቹ ሳይውሉ ሳያድሩ «99 ከመቶ» ብለው ይመልሳሉ። የሕክምና ተማሪዎችም ከዚህ መልስ ሁልጊዜ አያመልጡም። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ለዚህ ወጣት ትክክለኛው መልስ ከሦስት አንድ ያህል ነው። ይኸውም በዚህ በመጀመሪያው ምርመራ ሁለት መስመር ከታየባቸው እንደ እርሱ ካሉ ሦስት ሰዎች መካከል ሁለቱ ቫይረሱ የለባቸውም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ባለሙያውም አልተሳሳተም። ነገሩ የሂሳብ ነገር ነው።

አንድ ምርመራ ሁለት የተለያዩ ብቃቶች አሉት። የመጀመሪያው በሽታው ያለበትን ሰው የማግኘት ብቃት ነው፤ በየክፍሉ ሴንሲቲቪቲ እየተባለ የሚነገረው ይህ ነው። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ስንቱን «አለብህ» ይላል ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው በሽታው የሌለበትን ሰው ነጻ የማለት ብቃት ነው፤ ይህም ስፔሲፊሲቲ ይባላል። ቫይረሱ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ስንቱን «የለብህም» ብሎ ያሰናብታል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ቃላት በዚህ ትርጉም በሥራ ላይ ያዋላቸው ያዕቆብ የሩሻልሚ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 በአሜሪካ ስለ ደረት ራጅ ንባብ በጻፈው ጽሑፍ ነው።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ብቃቶች የሚለኩት የሰውየው እውነተኛ ሁኔታ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ነው። ቫይረሱ እንዳለባቸው በሌላ መንገድ የተረጋገጠ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እንደሌለባቸው የተረጋገጠም ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ መሣሪያው ይፈተናል። ሙሽራችን ግን የቆመው በዚያኛው ጫፍ ነው። እርሱ የሚያውቀው ውጤቱን ነው፤ የማያውቀው ራሱን ነው። የእርሱ ጥያቄ «ፖዘቲቭ ከተባሉት መካከል ስንቱ በእርግጥ አለባቸው?» የሚል ነው። ይህ ሦስተኛው ቁጥር የመተንበይ ዋጋ ይባላል፤ ከመሣሪያው ማሸጊያ ላይም ተጽፎ አይገኝም። ለምን እንደማይገኝ ቀጥሎ ይታያል።

የጥያቄው አቅጣጫ መገልበጥ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ነጭ ካፖርትን እንውሰድ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚማሩ የሕክምና ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ካፖርት ይለብሳሉ። እንግዲህ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ብታዩ የሕክምና ተማሪ ነው ትላላችሁን? በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከሆነ ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። በአንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ከሆነ ግን ባለ ልኳንዳው ሊቆጣችሁ ይችላል። ካፖርቱ ያው ካፖርት ነው፤ የተለወጠው ያያችሁበት ስፍራ ነው። በምርመራም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ከመደመርና ከማባዛት ያለፈ ነገር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደዚህ ያሉ ፈጣን የኤች አይ ቪ መመርመሪያዎች ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት፣ የማግኘት ብቃታቸው ከ99 ከመቶ፣ ነጻ የማለት ብቃታቸው ደግሞ ከ98 ከመቶ እንዳያንስ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ እኛ ግን በመስፈርቱ እንሥራ። በኢትዮጵያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 ከመቶ ያህል ነበሩ። ሂሳቡ እንዲቀልልን 1 ከመቶ እንበለው።

10,000 ሰዎች ለምርመራ ተሰለፉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 100ው ቫይረሱ አለባቸው፤ 9,900ው የለባቸውም። መሣሪያው ከ100ው 99ኙን ያገኛል፤ አንዱን ይስታል። ከ9,900ው ደግሞ 98 ከመቶውን፣ ማለትም 9,702ቱን በትክክል ያሰናብታል፤ የቀሩትን 198 ሰዎች ግን በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። ስለዚህ ሁለት መስመር የታየባቸው ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር 99 ሲደመር 198፣ ይኸውም 297 ነው። ከ297ቱ በእርግጥ ቫይረሱ ያለባቸው 99 ናቸው። አንድ ሦስተኛ ማለት ነው።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በ198ቱ ላይ ነው። ሁለት ከመቶ ስህተት ሲባል ለጆሮ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ከመቶ የሚወሰደው ከማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚወሰደው ከብዙኃኑ፣ ከጤነኞቹ ላይ ነው። ከትልቅ ክምር ላይ የተቆነጠረ ቁንጥር ከትንሽ ክምር ሙሉ ይበልጣል።

ስለዚህም የመተንበይ ዋጋ ከተሰላፊው ጋር ይለዋወጣል። ያንኑ መሣሪያ ወስደን ከተመርማሪዎቹ 20 ከመቶው ቫይረሱ ባለባቸው ሕሙማን መካከል ብንጠቀምበት፣ ከ10,000 ሰዎች 1,980 እውነተኛና 160 የስህተት ፖዘቲቭ እናገኛለን፤ ፖዘቲቭ ከተባሉት 92 ከመቶ ያህሉ በእርግጥ አለባቸው ማለት ነው። ቫይረሱ ከ1,000 ሰው በአንዱ ብቻ በሚገኝበት ሕዝብ መካከል ግን 10 እውነተኛዎች ከ200 የስህተት ፖዘቲቮች ጋር ተቀላቅለው ይወጣሉ፤ ከ21 አንዱ ብቻ። የማሸጊያው ወረቀት ይህን ቁጥር ሊጽፍ ያልቻለው ፋብሪካው መሣሪያው ማን ዘንድ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ነው።

የኛ ሙሽራ ከየትኛው ሰልፍ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የአገሪቱ አማካይ ቁጥር ያውቁ የነበሩትንም ጭምር ይቆጥራል። በኢትዮጵያ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሁኔታቸውን ያውቃሉ፤ መድኃኒትም ይወስዳሉ፤ እንደ አዲስ ሊመረመሩ አይሰለፉም። ስለዚህ «እስቲ ራሴን ልወቅ» ብለው ከሚመጡት መካከል ያለው መጠን ከአገሪቱ አማካይ ዝቅ ይላል። ሕክምናው እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር በመጀመሪያው ምርመራ ብቻ የሚገኝ ፖዘቲቭ ውጤት ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከላይ ካለው ሂሳብ በቀጥታ የሚወጣ ነው።

የጋብቻ ምርመራን በሕግ አስገድዶ የሞከረ አገር አለ። በአሜሪካ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከፈረንጆች ጥር 1988 ጀምሮ የጋብቻ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ አዘዘ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 70,846 ሰዎች አመለከቱ፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው 8 ብቻ ነበሩ። ብዙ እጮኞች ወደ ጎረቤት ክፍለ ግዛቶች ሄደው ተጋቡ፤ ሕጉም በ1989 ተሻረ። በዚያ የሚሠራበት ምርመራ ተደጋግሞ የሚረጋገጥ ስለነበር ውጤቱ እንዲህ ጠርቶ ወጣ። ነገር ግን 98 ከመቶ ነጻ የማለት ብቃት ባለው አንድ ምርመራ ብቻ ተማምነው ቢሆን ኖሮ፣ ከስምንቱ ጋር 1,417 ያህል ጤነኛ ሙሽሮችና ሙሽሪቶች በስህተት ፖዘቲቭ ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ስንቱ ሠርግ ይፈርስ እንደነበር መገመቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መሣሪያውን መጣል አይደለም። የመጀመሪያው ምርመራ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ 10,000 ሰው ተቀብሎ 297 ሰው አስቀርቷል። ከ1 ከመቶ ተነሥቶ 33 ከመቶ ደርሷል። የቀረው እነዚህን 297 ሰዎች እንደ አዲስ ሰልፍ አድርጎ በሁለተኛ መሣሪያ መመርመር ነው። ሁለተኛውም ተመሳሳይ ብቃት ካለው፣ ከ99ኙ 98ቱ እንደገና ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ከ198ቱ ግን 4 ያህል ብቻ ይቀራሉ። አሁን ከ102 ሰዎች 98ቱ እውነተኛ ናቸው፤ 96 ከመቶ ነው። በሦስተኛ መሣሪያ ደግሞ ከ98ቱ 97ቱ ሲቀሩ ከአራቱ የሚቀር የለም ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው «ቫይረሱ አለብህ» ተብሎ ከመነገሩ በፊት ጠቅላላው የምርመራ ሥርዓት ቢያንስ 99 ከመቶ የመተንበይ ዋጋ እንዲኖረው ይፈልጋል። ቀደም ሲል ቫይረሱ ከ5 ከመቶ በላይ በሚገኝባቸው ቦታዎች ሁለት ፖዘቲቭ ውጤት ይበቃል ይል ነበር። ሂሳቡን ሠርታችሁ ብታዩት እውነትም ይበቃል፤ በ5 ከመቶ ላይ ከሁለት ምርመራ በኋላ 490 እውነተኛ ከ4 ስህተት ጋር ይወጣል፤ ከ99 ከመቶ ትንሽ ይበልጣል። ከመርማሪው ፊት የሚሰለፉት ሰዎች መጠን እየወረደ ሲመጣ ግን በ2019 ምክሩን ለውጦ አገሮች ሁሉ ተከታታይ ሦስት ፖዘቲቭ ውጤት ወደሚጠይቀው ሥርዓት እንዲሻገሩ አሳሰበ። የ1 ከመቶ ሂሳባችን በሁለት ምርመራ 96 ላይ መቆሙ ምክንያቱን ያስረዳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። ሁለቱ ምርመራዎች ባይስማሙስ? በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ሥርዓት መጀመሪያ ኬ ኤች ቢ በሚባለው መሣሪያ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ በስታት ፓክ ይመረመር ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዩኒ ጎልድ የሚባለው ሦስተኛው እንደ ዳኛ ቀርቦ ከአንዱ ጎን ይቆማል። ሁለት ለአንድ፤ እንደ ሽምግልና። ለጆሮ ፍትሐዊ ነው። በእኛው ቁጥር እንፈትነው። በመጀመሪያው ፖዘቲቭ፣ በሁለተኛው ኔጋቲቭ የሆኑት እነማን ናቸው? ከ99ኙ አንድ ሰው፣ ከ198ቱ ደግሞ 194 ሰዎች። ዳኛው እነዚህን 195 ሰዎች ሲመረምር አንዱን እውነተኛ ያገኘዋል፤ ከ194ቱም ሁለት ከመቶውን፣ ማለትም 4 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። በዳኛው ቃል «አለባችሁ» ከተባሉት አምስት ሰዎች አራቱ የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በዳኛ መወሰን እንዲቀር የመከረው ስለዚህ ነው። ያልተስማማ ውጤት ያልታወቀ ውጤት ነው ተብሎ ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ እንዲመረመር ይነገረዋል።

እስካሁን የሠራነው ሂሳብ አንድ ነገር በዝምታ ገምቷል፤ ሁለተኛው መሣሪያ በመጀመሪያው የተሳሳተበትን ሰው እንደማንኛውም ሰው በነጻነት ይፈርድበታል ብሎ። ይህ ግምት ሁልጊዜ አይሠራም። እነዚህ መሣሪያዎች ቫይረሱን ራሱን አያዩም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያዘጋጃቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው የሚፈልጉት። የአንዳንድ ሰዎች ደም፣ በሌላ በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት የተነሣ፣ ከመሣሪያው ጋር የሚጣበቁ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ይኖሩታል። የስህተቱ ምንጭ በደሙ ውስጥ ከሆነ በዚያው መሣሪያ አሥር ጊዜ ቢመረመር አሥር ጊዜ ያው ሁለት መስመር ይታያል። ተመርማሪው ግን «ደግመው ደጋግመው አረጋገጡት» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው መሣሪያ በሌላ ፋብሪካ፣ ከሌላ ቅመም የተሠሩ መሆን አለባቸው። ያም ሆኖ ሁለት መሣሪያዎች አንዱን ስህተት ሊጋሩ ይችላሉ። ከ198ቱ መካከል የ20ዎቹ ደም ሁለቱንም መሣሪያ ያታልላል ብንል፣ ከሁለት ምርመራ በኋላ ከ98ቱ እውነተኞች ጋር የሚቀሩት የስህተት ፖዘቲቮች 4 መሆናቸው ቀርቶ 24 ይሆናሉ፤ የመተንበይ ዋጋውም ከ96 ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። አገሮች የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ጋር እንደሚሰለፍ በራሳቸው ሕዝብ ደም እየፈተኑ መምረጥ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የስህተት ምንጭ ከደም ጋር የማይገናኝ ነው። መስመሩ ደብዛዛ ሲሆን አንዱ አንባቢ «አለ»፣ ሌላው «የለም» ይላል። ውጤቱ ሊነበብ ከሚገባው ሰዓት ዘግይቶ ሲነበብ ያልነበረ መስመር ሊታይ ይችላል። የሁለት ሰዎች ናሙናም ሊቀያየር ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ስንት መሣሪያ ቢደረደር፣ ደሙ ያው በስም የተሳሳተ ደም ከሆነ፣ አያርመውም። የሚያርመው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሰውየውን እንደገና ጠርቶ፣ አዲስ ደም ወስዶ፣ ቢቻል በሌላ ባለሙያ እጅ መመርመር ነው። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፀረ እንግዳ አካላቱ ሊቀንሱና ምርመራው ሊስተው ስለሚችል፣ በዚያን ጊዜ የሚገኝ ኔጋቲቭ ውጤት ድሮም አልነበረበትም ለማለት አያስችልም።

ስለ ኔጋቲቭ ውጤት ብዙ የሚባል የለም፤ እዚህ ሂሳቡ በተቃራኒው ይረዳናል። ከ10,000ው ሰዎች ኔጋቲቭ የተባሉት 9,703 ሲሆኑ በስህተት የተባለው አንድ ብቻ ነው። በሽታው በማይበዛበት ሕዝብ ኔጋቲቭ ውጤት እጅግ የታመነ ነው። የማይታመንበት አንድ ጊዜ አለ፤ ቫይረሱ በቅርብ ሳምንታት ውስጥ የገባ ከሆነ ነው። 99 ከመቶ የተባለው ብቃት ፀረ እንግዳ አካላቱ በበቀሉባቸው ሰዎች ላይ የተለካ ነው። በአብዛኞቹ ሰዎች እነዚህ አካላት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያሉ፤ በአንዳንዶቹ እስከ ሦስት ወር ይዘገያሉ። በዚህ መካከል የተመረመረ ሰው ኔጋቲቭ ቢባልም ሦስት ወር ሲሞላ መድገም ይኖርበታል።

ሙሽራችንን ሁለት መስመር ፊት ትተነው ነበር። እርሱ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ይህ የመጀመሪያው ምርመራ ነው ወይስ የሦስቱም ውጤት? ሦስቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸውን? ሦስቱም ተስማሙ ወይስ በዳኛ ተወሰነ? መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት በአዲስ ደም እመረመራለሁን? የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ከሦስት አንድ ዕድል ላይ ነውና ለእጮኛው ቤተሰብ ሽማግሌ መላክ አያስፈልገውም፤ ሁለተኛውን መቀመጫ ላይ እንዳለ መጠበቅ ነው። ሦስቱም ከተስማሙና በአዲስ ደም ከተረጋገጠ ግን «ከሦስት አንድ ነው ብለው ጽፈዋል» ብሎ በዚህ ጽሑፍ መከራከር አይችልም። ያ ቁጥር የአንድ መሣሪያ፣ ያውም የመጀመሪያው ቁጥር ነበር፤ እርሱ አሁን የቆመው ከ97ቱ ጋር ነው፤ መድኃኒቱንም በዚያው ሰሞን መጀመር አለበት።